የተሳሳትኋት አንዲት ቀን

የምሠራው ባሕር ማዶ፣ በአንድ የዓረብ ከተማ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ አቡኪ ሆኜ ነው። እንደኔ ያለ ስደተኛ አገሩ ሲገባ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ ሻንጣና ቁጥር። ሻንጣውን ሁሉም ያየዋል። ቁጥሩን ግን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

የእኔ ቁጥር 180 ነበር። የምሠራበት አገር ሕግ ከ180 ቀን በላይ ከአገሩ ውጭ የቆየ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል ይላል። ማንም ደውሎ አያስጠነቅቅህም። የአየር ማረፊያው መግቢያ ላይ ደርሰህ ጣትህን መሣሪያው ላይ ስታሳርፍ ነው የምትሰማው። ስለዚህ ትኬቴን የቆረጥሁት ከዚያ ወሰን ቀድሜ እንድመለስ አድርጌ ነው። መውጫዬ ሴፕቴምበር 10፣ መመለሻዬ ማርች 1።

ትኬቱን በያዝሁበት ዕለት በደብተር ላይ ሳጥን ሠራሁ። ይህን እኛ ማደሪያ ውስጥ የማያደርግ የለም፤ ቀኑ ባለፈ ቁጥር አንድ ሳጥን ይሰረዛል። ወሮቹን በጭብጤ ቆጠርሁ፤ የጣት አንጓው ላይ የወደቀው ወር 31፣ ሸለቆው ላይ የወደቀው 30፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ እንደምናውቀው 28። የመውጫዬን ዕለት ጨምሮ ከሴፕቴምበር የቀረው 21 ቀን፣ ከዚያ 31፣ 30፣ 31፣ 31፣ 28፣ በመጨረሻም ማርች 1። በጠቅላላው 173 ሳጥን። ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስቱም ጊዜ 173 መጣልኝ። ስለቆጠራ ማንም እንዲያርመኝ የማልፈልግ ሰው ነኝ፤ ይህን ጠባዬን ከአሁኑ ብናገረው ይሻላል።

ስሕተቴ ግን ገና ከመግቢያዬ ጀመረ። የመጣሁት ለዘመን መለወጫ ቤቴ ልገኝ ነበር። በየዓመቱ እዚያ ማዶ ሆኜ እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11 ስለማከብር፣ በ10 ወጥቼ በ11 ገባሁ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ቡሬን አልፌ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ፤ ከዚያ አርባ ደቂቃ በጋሪ ተጉዤ ግቢያችን ደረስሁ። «እንኳን አደረሳችሁ!» እያልሁ ስገባ በጉ ከዛፉ ሥር ታስሮ ሣር ይግጣል።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አቀፈችኝ። እንባዋን ሳትጠርግ ነው የሳቀችብኝ።

«ዛሬ እኮ ጳጉሜን ስድስት ነው» አለችኝ። «ዘመኑ ሉቃስ አይዶል? በዓሉ ነገ ነው።»

በየአራት ዓመቱ፣ የሉቃስ ዘመን ሲያልቅ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ይህን በልጅነቴ አውቀው ነበር፤ ሊጥ ሳቦካ ረስቼው ኖሯል። በጉም አንድ ቀን ተረፈው፣ እኔም አንድ ቀን ቀድሜ ገባሁ፤ ማንም አልተጎዳም። ትምህርት ልወስድበት ይገባኝ ነበር። አልወሰድሁም።

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። የረጅሙ ፈቃድ ምክንያትም ይኸው ነው። ከተጋባን ወር ሳይሞላኝ ነው የሄድሁት። በኋላም ለአጭር ጊዜ እመጣለሁ፣ እሄዳለሁ። ይህ የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ቢያንስ ሲወለድ ልገኝ ብዬ ነው አሠሪዬን ለምኜ የወጣሁት። ልጅቷ ታኅሣሥ 2 ቀን በሰላም ተወለደች። ከሆስፒታሉ ወጥተን በማግስቱ የነፍስ አባታችን ሊጠይቁን መጡ፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

የእኛ ሥርዓት የታወቀ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እናቲቱም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። አባ በጣታቸው አንጓ ላይ ሄዱበት።

«የተወለደችበትን ጨምረን ከታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን። ጥር ሠላሳ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። የቀረው ሃያ አንድ። የካቲት ሃያ አንድ፣ የእመቤታችን ዕለት!» አሉና ቀና አሉ። «ቀጠሮዋን ራሷ ነው የያዘችላት።»

ሁሉም እልል አለ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ልጅቷ የተወለደችው ዲሴምበር 12 ነው። ከዚያች ሳጥን ተነሥቼ ሰማንያ ቆጠርሁ፤ ከዲሴምበር 20፣ ከጃንዋሪ 31፣ ከፌብሩዋሪ 28፤ ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያኛዋ ሳጥን የመጨረሻዋ ሳጥን ሆነች። ማርች 1። አውሮፕላኔ ከባሕር ዳር የሚነሣው በዚያ ቀን ጧት አንድ ሰዓት ነው።

ልጄና አውሮፕላኑ አንድ ቀን መርጠዋል ማለት ነው። እኔ ወደ ሰማይ ስወጣ እሷ ወደ ውኃው ትገባለች።

ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። መጀመሪያ ትኬት ቢሮው ደወልሁ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሑት ነበረች፤ ግን ቀጣዩ ባዶ ወንበር ማርች 11 ነው አለችኝ። በእኔ ቆጠራ ያ ከወጣሁ 183ኛው ቀን ነው። ፈቃዴ ተሰርዞ፣ ሥራዬ ለሌላ ተሰጥቶ ነው የምደርሰው። ከዚያ አባ ጋ ሄድሁ።

«አባ፣ በዋዜማው ቢሆንስ? በሰባ ዘጠኝ?» አልኋቸው።

«ሰማንያ ሰማንያ ነው፤ ሰባ ዘጠኝ አይዶለም።»

«ሰው ሲቸገር ከቀኑ በፊት ይጠመቃል ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ሕፃን በጠና ሲታመም ነዋ! የአንተ ልጅ እኮ ጡቱን ስትጎትት ጎረቤት ይሰማል። ጤነኛ በመሆኗ ልናዝን ነው?» አሉኝ፤ ከዚያም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «አባት በሩቅ ሆኖም አባት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ለአባም ለባለቤቴም የነገርኋቸው «በረራዬ የካቲት ሃያ አንድ ነው» ብዬ ነው። ማርች 1 ብዬ የፈረንጁን ቀን ብነግራቸው ኖሮ አባ እዚያው ፊቴ ላይ ያርሙኝ ነበር። እኔ ግን ራሴ ቆጥሬ፣ ራሴ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ፣ የተበላሸውን አብስዬ ነው ያቀረብሁላቸው። ስልኬም ቢሆን ዛሬ ስንት እንደሆነ እንጂ ነገ ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ አይናገርም። ኢንተርኔትም በዚያ ዓመት በእኛ አካባቢ አልነበረም።

ባለቤቴ አልተቆጣችም። ቢቆጡ የሚሻልበት ጊዜ አለ። «እሽ፣ ሥራ ነው» አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ክርስትናው ስታወራ እኔን ከወሬው አወጣችኝ። ማን ጠላ እንደሚጠምቅ፣ የልጅቷ ክርስትና እናት ምን እንደምታመጣ፣ ሁሉንም ከእናቷ ጋር ነው የምትማከረው። እኔ እዚያው ተቀምጬ እንደ እንግዳ እሰማለሁ። ልጅቷን ግን አትከለክለኝም ነበር። ጧት ጧት ፀሐይ ላይ ይዣት እወጣለሁ፤ ጣቴን ትይዘኛለች። ማታ አንድ ሳጥን እሰርዛለሁ። የሳጥኖቹ ማለቅ ደስ የሚለኝ እዚያ ማዶ ሳለሁ ነበር።

የካቲት 18 ቀን ጾመ ነነዌ ገባ። ሦስት ቀን ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። አገሩ በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጧት፣ የመጨረሻዋን የፌብሩዋሪ ሳጥን ሰርዤ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ባሕር ዳር አድሬ በማግስቱ ጧት ለመብረር በዚያ ቀን መውጣት ነበረብኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሾፌር እንኳ ተማምኖ የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው።

ልጄን ሳምኋት። ባለቤቴ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። «ደኅና ሁኚ» አልኋት። «ደኅና ሁን» አለችኝ፤ አልዞረችም፤ አላለቀሰችምም። በጋሪ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስሄድ ጋሪ ነጂው ሁለት ጊዜ ወሬ ሊጀምረኝ ሞክሮ ተወኝ።

ቡሬ ስንደርስ መኪና ቀየርሁ። ሻንጣዬ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወንበሩ እስኪሞላ እንጠብቃለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ለሥልጠና እየሄደች ነው። ሰው ካናገረች ዝም የማትል ዓይነት ናት፤ በዚያ ላይ ጾም ነው፤ አፍ ሥራ ፈትቷል።

«ልጅ አለህ?» አለችኝ።

«አለችኝ። ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ክርስትናው ነገ ሁኖ አንተ ወዴት ነህ?»

እንዲህ ሲጠይቁኝ እናደዳለሁ። ራሴን ለመከላከል ከኪሴ ትኬቱን አውጥቼ ዘረጋሁላት። «ነገ ጧት አንድ ሰዓት ነው የምበረው። ምን ላድርግ? እኔ አልቀጠርሁት።»

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ጣቷን በፈረንጅ ፊደል ከተጻፈች አጭር ቃል ላይ አሳረፈች።

«ይኸ እኮ ዓርብ ነው የሚለው።»

«ነገ ነው» አልኋት።

«ነገማ ሐሙስ ነው።»

«አየር መንገዱ ተሳስቶ ይሆናል» አልሁ። እውነቴን ነው፤ እንዲህ ብያለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንዱ ይደናገርልኝ፣ አንዱም ይደግፈኝ ነበር። በነነዌ ሦስተኛ ቀን ግን በጎጃም ምድር ዛሬ ረቡዕ መሆኑን የማያውቅ ሆድ የለም። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ነገ ዓርብ ከሆነ እኛ ሐሙስን ማን ሰረቀብን? ለፍስኩ ያዘጋጀሁት ወጥ እኮ አለ!» አሉ። ሳቁ መኪናውን ነቀነቀው።

አዋላጇ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ የቀን መቁጠሪያውን ከፈተች። ሥራዋ ነው፤ የክትባት ቀጠሮ ስትጽፍ በሁለቱም አቆጣጠር ነው የምትጽፈው። ፌብሩዋሪን አሳየችኝ። 26፣ 27፣ 28፣ ከዚያ አንዲት ቁጥር፣ 29። ከእሷ ቀጥሎ ማርች 1፣ ዓርብ።

«በአራት ዓመት አንዴ ሃያ ዘጠኝ ይሆናል። ዘንድሮ ነው» አለችኝ። «የልጅህ ሰማንያኛ ቀን ይኸውልህ፤ ሃያ ዘጠኟ ናት። በረራህ በማግስቱ ነው።»

መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ልጄ አይደለም። ያሰብሁት ስለ ደብተሬ ነው። 173 ብዬ ሦስት ጊዜ የደመርሁት 174 ኖሯል። እፍረቱ ጆሮዬን አጋለው። ከዚያ ነው ደስታው የመጣው፤ ሲመጣ ግን ከወንበሬ አስነሣኝ፤ ጭንቅላቴም ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«ሻንጣዬን አውርዱልኝ!»

ሾፌሩ የትኬት መቁረጫውን እንደያዘ መጣ። ነገሩን ሰማና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ተው ወንድሜ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ተከፍቶልሃል። ነገ ከሰዓት መንገዱ ቢዘጋስ? ባሕር ዳር ገብተህ አንድ ቀን ብትተኛ ምን ትሆናለህ?»

ትክክል ነበር። ይህን ሲለኝ ደስታዬ ግማሹ ወረደ። ነገ ከክርስትናው በኋላ ወጥቼ መኪና ባጣ፣ የዓርቡ በረራ ያመልጠኛል። ቀጣዩ ወንበር ማርች 11 ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ማርች 7 ላይ ያበቃል፤ አሁን በትክክል ስቆጥረው 180ኛው ቀን ያ ነው። ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ባሕር ዳር አልጋ ይዤ፣ ሐሙስን በሙሉ ምንም ሳልሠራ ጣሪያ እያየሁ፣ ሦስት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ልጄ ስትጠመቅ ታየኝ። በአውሮፕላን ምክንያት ብቀር ሰው ይቅር ይለኛል። በተሳሳተ ድምር ምክንያት ብቀር ግን እኔ ራሴን ይቅር የምለው አልመሰለኝም።

«አውርድልኝ» አልሁት።

ሾፌሩ ራሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። «ሰው ወደ አውሮፕላን ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ከአውሮፕላን የሚሮጥ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» እያለ ሻንጣዬን አቀበለኝ። አዋላጇ በመስኮት፣ «ክትባቷን እንዳትረሱ!» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግቢያችን ደረስሁ። ባለቤቴ በር ላይ ሆና ጌሾ ስትለቅም አየችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ሁነህ ነው? መንገዱ ተዘጋ?»

«አልተዘጋም። ቆጠራ ተሳስቼ ነው። በረራው ዓርብ ነው። ነገ አለሁ።»

ጥቂት አየችኝ። «ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ደብተር ስታነድደኝ ከርመህ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። የቀረውን በጌሾው ቅጠል ነው የተናገረችው፤ እፍኝ ሙሉ ወረወረችብኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እያሳቃት ተቀመጠች። ከታኅሣሥ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

አባ ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ። «ማርች 1 ነው ብለኸኝ ቢሆን!» አሉ። «ይኸ እኮ ቀላል ነው። እኛ ተጨማሪዋን ቀን ጳጉሜን ላይ ጨመርናት። እነሱ እስካሁን አልጨመሩም ነበር። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ከወትሮው በአንድ ቀን ተዛንፈን ነው የከረምነው። ነገ እነሱም ይጨምሯታል፤ ከነገ ወዲያ እንደ ዱሮው እንገጥማለን። ያችኑ አንዲት ቀን ነው ሁለት ጊዜ የተሳሳትኻት፤ አንዴ በእኛ፣ አንዴ በእነሱ።»

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። የእመቤታችን ዕለት ስለሆነ ሰዉ ብዙ ነው። የክርስትና እናቷ ልጅቷን ይዛ ቀረበች። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ልጄ ሲነክሯት የጮኸችው ጩኸት አባ ጤነኛ ናት ማለታቸውን ለምእመናኑ ሁሉ አረጋገጠ። ሜሮኑን ቀቧት፤ ማዕተቧን አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ ስመ ክርስትናዋን ሰጧት። ከዚያ ባለቤቴ ከሰማንያ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጀ ሰላሙን ተሳልማ ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን አቅፋ፣ በሴቶቹ በኩል ቆመች። በወንዶቹ በኩል ሆኜ አየኋቸው፤ አለቀስሁ። ጉንፋን ነው አላልሁም።

ቅዳሴው አልቆ፣ ቤት ተመልሰን፣ ጾም ፈትተን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ባለቤቴ ልጅቷን አዝላ ጋሪው ላይ ወጣች። «ወዴት ነሽ?» አልኋት። «ልሸኝህ ነዋ» አለች።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስንደርስ ከጧት ጀምሮ ወደ ባሕር ዳር ያለፈ መኪና የለም ተባለ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥን። ሰባት ሰዓት ሆነ። ባጃጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ልጄ ተኝታለች። ሰባት ተኩል ሆነ። ባለቤቴ እጄን ይዛለች። መመለሴ ይቆጨኝ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። አልቆጨኝም። እንዲያውም በዚያች ሰዓት መኪና ባይመጣ እንኳ ቤቴ የምመለሰው ቀና ብዬ እንደሆነ አወቅሁ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከጅጋ በኩል አንድ ሚኒባስ ብቅ አለ። «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ቆመ። መንገዱ ተከፍቷል።

ሻንጣዬን ሰጥቼ ስዞር ባለቤቴ እያለቀሰች ነበር። ትናንት ግድግዳ ስታይ ያልወረደው እንባ ሁሉ ነው የወረደው። ደነገጥሁ። «አሁን ምን ሆንሽ? ክርስትናዋን አየሁ፣ መኪናውም መጣ...»

«ትናንት ስትሄድ እኮ ተናድጄ ነበር» አለችኝ። «የተናደደ ሰው አያለቅስም። ዛሬ ግን ልትናፍቀኝ ነው።» ልጅቷን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ ግንባሯን አሳመችኝ። «አሁን ሂድ» አለች።

ሄድሁ።